ጄኔሬተሩ «ተቃጥሏል» ተብሎ 20,000 ብር ሲጠየቅ

ጥያቄ፦ «ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ 24 ቤት ባለው ሕንፃ ውስጥ ነው የምኖረው። የሕንፃው አስተዳደር መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል። "60 ኬቪኤ ጄኔሬተራችን ተቃጥሏል። ጥገናው 480,000 ብር ስለሆነ እያንዳንዱ ቤት በ10 ቀን ውስጥ 20,000 ብር ይክፈል" ይላል። ዝርዝሩ ዳይናሞ መጠቅለል 290,000፣ የሞተር እድሳት 130,000፣ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ማጓጓዣ 60,000 ነው። እስከዚያ ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት 20 ኬቪኤ የኪራይ ጄኔሬተር ይሠራል፤ በየበረንዳው የራስን ትንሽ ጄኔሬተር ማስነሳትም ተፈቅዷል። የተበላሸው የዓረፋ ዋዜማ ማታ ነው። ሞተሩ አሁንም ይነሳል፣ መብራት ግን አይሰጥም። ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል መብራቱ ይደበዝዝ ነበር። የቃጠሎ ሽታ የሸተተው ሰው የለም። ልክፈል ወይስ አዲስ ይገዛ ብዬ ልከራከር?»

ምላሽ፦ አሁን አይክፈሉ። አዲስ ይገዛ ብለውም አይሟገቱ። ሁለቱም ምን እንደተበላሸ ከታወቀ በኋላ የሚመጣ ወሬ ነው። ማስታወቂያው ይህን አልነገራችሁም። «ተቃጥሏል» የሚል አንድ ቃል ጽፎ ሦስት ዋጋ ደረደረ። ማን መረመረው? በምን መሣሪያ? ምን ቁጥር አገኘ? እነዚህ የሉም።

ጄኔሬተር በአንድ ዘንግ የተያያዙ ሁለት ማሽኖች ነው። አንደኛው ናፍጣ የሚጠጣው ሞተር ነው። ሁለተኛው ሞተሩ የሚያሽከረክረውና ኤሌክትሪክ የሚያወጣው ዳይናሞ ነው። የእናንተ ሞተር ይነሳል። ስለዚህ የ130,000 ብሩ እድሳት ከየት መጣ? ሞተር እድሳት የሚፈልግ ከሆነ ምልክቱ በዓይን ይታያል። ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ በየሳምንቱ ዘይት ይጨመርለታል፣ የዘይቱን ክዳን ሲከፍቱት እንደ ጀበና ይተነፍሳል፣ ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ሞተሩን መንካት አያስፈልግም። ዘይትና ፊልትር መቀየር አገልግሎት እንጂ እድሳት አይባልም፤ ዋጋውም እዚህ ቁጥር አጠገብ አይደርስም።

ወደ ዳይናሞው እንሂድ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው። ብዙ ሰው «ሞተሩ ይሠራል፣ መብራት የለም» ሲባል ወዲያው በዳይናሞው ውስጥ የተጠቀለለው የመዳብ ሽቦ ተቃጥሏል ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን መዳቡ ከሚጠረጠሩት ሁሉ የመጨረሻው ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አሠራሩን ትንሽ ማየት ያስፈልጋል።

በዳይናሞው ውስጥ የሚሽከረከረው ክፍል ማግኔት መሆን አለበት። ማግኔት የሚሆነው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ነው። ያን ኤሌክትሪክ የምትሰጠው ከኋላ በኩል ያለች ሌላ ትንሽ ጄኔሬተር ናት፤ ኤክሳይተር እንላታለን። ከእሷ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ስድስት ዳዮዶች አሉ፤ ከዘንጉ ጋር አብረው ይሽከረከራሉ። ኤክሳይተሯ መቼ በርታ፣ መቼ ቀዝቀዝ ማለት እንዳለባት የሚያዛት ደግሞ ኤቪአር የሚባል፣ መዳፍ የሚያህል ሰሌዳ ነው። ሞተሩ ገና ሲነሳ ሁሉንም የሚያስጀምረው በብረቱ ውስጥ ከድሮ የቀረች ጥቂት ማግኔትነት ናት። ከዚህ ሰንሰለት አንዷ ቀለበት ብትበጠስ ውጤቱ አንድ ነው፤ ሞተሩ እያገሳ አምፖሉ ጨለማ ይሆናል። ኤቪአሩ ሲሞት እንዲሁ ነው። ዳዮድ ሲፈነዳ እንዲሁ ነው። አንድ ሽቦ በንዝረት ብዛት ሲላቀቅም እንዲሁ ነው። ትልቁ መዳብ ሲቃጠልም እንዲሁ ነው። የዋጋው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው።

እርስዎ የጻፉት ሁለት ነገር ትኩረቴን ስቦታል። አንደኛው ሽታ አለመኖሩ ነው። የ60 ኬቪኤ ዳይናሞ መዳብ በእውነት ሲቃጠል ቫርኒሹ አብሮ ይነድዳል። ሽታው ደረጃውን ወጥቶ አምስተኛ ፎቅ ይደርሳል፣ ከጄኔሬተሩ ክፍልም ለቀናት አይለቅም። ሁለተኛው መብራቱ ለሁለት ሳምንት መደብዘዙ ነው። ከስድስቱ ዳዮዶች አንዱ ሲከዳ ማሽኑ ወዲያው አይጠፋም። ባዶውን ሲሠራ ደህና ይመስላል፤ ጭነት ሲመጣበት ቮልቴጁ ይወርዳል። ኤቪአሩ ጉድለቱን ልሙላ ብሎ ከአቅሙ በላይ ይገፋል፣ ይግላል፣ አንድ ቀን ይቃጠላል። የእናንተ ታሪክ ከዚህ ጋር በጣም ይቀራረባል።

መደብዘዙ ከሞተሩ የመጣ ሊሆንም ይችላል። የናፍጣ ፊልትር ሲዘጋ ሞተሩ ጭነት ላይ ዙሩን ይጥላል። በደቂቃ 1,500 መዞር ያለበት ወደ 1,400 ከወረደ የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽም ከ50 ኸርዝ ወደ 47 ገደማ ይወርዳል። ያኔ ብዙዎቹ ኤቪአሮች ራሳቸውን ለመጠበቅ ሆን ብለው ቮልቴጁን ይቀንሳሉ። ይህን ከዳዮዱ ችግር መለየት ቀላል ነው። ጥበቃው ሰሌዳው ላይ ያለውን የኸርዝ ቁጥር አይቶ ከሆነ ይጠይቁት። መብራቱ ሲደበዝዝ ኸርዙ 50 ላይ ቆሞ ከነበረ ጥፋቱ የዳይናሞው ነው። ኸርዙ አብሮ ከወረደ የሞተሩ ነው።

ግምት ግን ግምት ነው። ክፍያ የሚቆመው በምርመራ ላይ ነው። ምርመራው ግማሽ ቀን ይበቃዋል፤ ማሽኑ ካለበት ቦታ ንቅንቅ ሳይል ይሠራል። ይህን ለባለሙያው ተዉለት፤ በቮልቴጅ ፊት የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ነዋሪ አይሞክረውም። ምን መደረግ እንዳለበት ማወቁ ግን መብታችሁ ነው።

በመጀመሪያ ወደ ቤቶች የሚሄደው ዋና ብሬከር ይወርዳል። ከኤቪአሩ ወደ ኤክሳይተሯ የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ይነቀላሉ። በኤቪአሩ ፋንታ ተራ የ12 ቮልት የመኪና ባትሪ በእነዚህ ሽቦዎች ላይ ይታሰራል። ሞተሩ ተነስቶ በትክክለኛ ዙሩ ሲሮጥ በሦስቱ ፌዞች መካከል ቮልቴጅ ይለካል። እዚህ ላይ ማሽኑ ራሱ ይናገራል። ሦስቱም እኩል ሆነው 380 አካባቢ ከመጡ ዳይናሞው ጤነኛ ነው፤ የሞተው ኤቪአሩ ነው። ሦስቱ እኩል ሆነው ግን በጣም ዝቅ ካሉ ችግሩ ከዳዮዶቹ ወይም ከሚሽከረከረው ክፍል ነው፤ መጀመሪያ ዳዮዶቹ ይፈተሻሉ። ሦስቱ ከተበላለጡ፣ ለምሳሌ አንዱ 370 ሌሎቹ 210 ካሉ፣ ያኔ ዋናው መዳብ ተጎድቷል። መጠቅለል የሚባለው ወሬ የሚጀመረው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

አንድ የተለመደ ስህተት ልጥቀስ። አንዳንዱ ሠራተኛ ተራ ቴስተር ያመጣና በሁለት ፌዞች መካከል ኦም ይለካል። ዜሮ አጠገብ ያነብና «ሾርት አድርጓል፣ አለቀለት» ይላል። የዚህ መጠን ዳይናሞ መዳቡ ወፍራም ስለሆነ ጤነኛው ራሱ ከአንድ ኦም በጣም ያነሰ ነው። ተራ ቴስተር ደህናውን ከተቃጠለው አይለየውም። ማስታወቂያው ላይ ያለው «ተቃጥሏል» ከዚህ መጥቶ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ሌላው መለኪያ ሜገር ነው። መዳቡ ከብረቱ አካል ጋር መነካካቱን በ500 ቮልት ይፈትሻል። ከ1 ሜጋኦም በታች ካነበበ ማሽኑ መነሳት የለበትም። ነገር ግን ዝቅ ያለ ቁጥር ሁሉ ቃጠሎ አይደለም። የደሴ ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ምድር ቤት ድረስ ይገባል። ለሳምንታት ቆሞ የከረመ ዳይናሞ እርጥበት ይጠጣል። አንድ ቀን በአምፖል ሙቀት ደርቆ እንደገና ይለካ። ቁጥሩ ከወጣ እርጥበት ነበር፤ ካልወጣ ጉዳት አለ። ሜገር ከመነካቱ በፊት ኤቪአሩና ዳዮዶቹ መነጠል አለባቸው፤ አለበለዚያ ምርመራው ራሱ ይገድላቸዋል።

ይህን ያህል የምደክመው እኔም ስላሳሳትኩ ነው። ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ አንድ ወፍጮ ቤት «ዳይናሞው ሄዷል» አልኩ፤ ሰውየው አምኖኝ አስጠቀለለ። ሲገጠም ያው ጨለማ። ጥፋቱ አንድ ዳዮድ ነበር። ዳዮዱን በነጻ ቀየርኩለት፤ የጥቅለላውን ብር ግን ማን ይመልስለት?

አሁን ወደ ዓረፋ ዋዜማ። ብልሽቱ ያን ማታ መምጣቱ አጋጣሚ አይደለም፤ መንስኤው ካልተነካ የተጠገነውም ማሽን ተመልሶ ይሄዳል። መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተር ተነሳ፣ ሰው ሁሉ ለበዓሉ እንጀራ ይጋግራል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ይህ በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው። የማሽናችሁ አቅም በጽሑፉ 60 ኬቪኤ ነው፤ በእያንዳንዱ ፌዝ 91 አምፔር ማለት ነው። ግን ይህ ቁጥር ለደሴ አልተጻፈም። ከተማችን 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ዳይናሞውን በደንብ አያቀዘቅዘውም፤ ከ1,000 ሜትር በላይ በየ500 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል አቅም ይቀነሳል። ሞተሩ ተርቦ የሚባለው አየር መጭመቂያ ከሌለው የባሰ ያጣል፤ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ተርቦ የሌለውን 60 ኬቪኤ ደሴ ላይ እንደ 50 ቁጠሩት። በፌዝ 75 አምፔር ነው።

24 ቤት ለሦስት ፌዝ ሲካፈል ስምንት ስምንት ቤት ይደርሳል። በወረቀት ላይ ያምራል። ምጣድ ግን በወረቀት አይጋገርም። በአንዱ ፌዝ ስድስት ምጣድ፣ በሌላው ሁለት ከተለኮሰ የመጀመሪያው 96 አምፔር በምጣድ ብቻ ይዟል። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ሲጨመር ከ100 ያልፋል። «ብሬከሩ ለምን አልወረደም?» ትሉኝ ይሆናል። ለ60 ኬቪኤ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው 100 አምፔር ነው። እንዲህ ያለ ብሬከር ከልኩ አሥር በመቶ ብቻ ሲያልፍበት ለሰዓታት ሊሸከም ይችላል። በዚያ ላይ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሲሞቅ ይበልጥ ይዘገያል። ብሬከሩ ሥራውን አልበደለም፤ የተመረጠው ግን ለሌላ ከፍታ ነው። ጥገናው ምንም ይሁን ምን፣ 80 አምፔር ይግባ። ምጣድ ያላቸው ቤቶችም በሦስቱ ፌዞች እኩል ይደልደሉ። ይህ የአንድ ቀን የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው።

«አዲስ ይገዛ» የሚለው ክርክር በዚሁ ይፈታል። አዲሱም 60 ኬቪኤ ደሴ ሲደርስ ያው 50 ነው። በስድስት ምጣድ ፊት ያው ነው። አዲስ መግዛት ትርጉም የሚኖረው ሞተሩም ዳይናሞውም አብረው ካለቁ ነው፤ የእናንተ ሞተር ግን ይነሳል።

ምርመራው መዳቡ ተጎድቷል ካለ ጥቅለላው ይሠራ። ያኔም ጄኔሬተሩን በሙሉ አዲስ አበባ መጫን የለም። ዳይናሞው ከሞተሩ ተፈትቶ ብቻውን ይሄዳል፤ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ስለሆነች መጀመሪያ እዚያ ዋጋ ይጠየቅ። የማጓጓዣውም 60,000 ያኔ ይወርዳል። በውሉ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ። መዳቡ ከድሮው ጋር በውፍረትም በዙር ቁጥርም እኩል ይሁን። ቫርኒሽ ተነክሮ በምድጃ ይድረቅ፤ በብሩሽ የተቀባ አንቀበልም። ከተገጠመ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ጭነት ተሸክሞ ሲሠራ እየታየ ይረከቡ። የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ ፈተና በኋላ ይሁን።

ማን ይክፈል ለሚለው፣ ጄኔሬተሩ የጋራ ንብረት ነው። የትልቅ ጥገና ወጪ የቤት ባለቤቶች እንጂ የተከራዮች ዕዳ አይደለም፤ በኪራይ ውላችሁ ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ በቀር። እርስዎ ተከራይ ከሆኑ ማስታወቂያውን ፎቶ አንስተው ለአከራይዎ ይላኩ። ባለቤት ከሆኑ «እያንዳንዱ ቤት እኩል» የሚለው ከመተዳደሪያ ደንባችሁ ጋር ይስማማ እንደሆነ ይዩ። በብዙ ሕንፃ የጋራ ወጪ በቤቱ ስፋት ልክ ነው የሚከፋፈለው፤ ባለ አንድ መኝታው ከባለ ሦስቱ እኩል አይከፍልም።

ስለዚህ ለስብሰባው ይዘው የሚሄዱት ሐሳብ ይህ ይሁን። 20,000 ብሩ ይቁም። ለምርመራ ብቻ ትንሽ ገንዘብ ከየቤቱ ይዋጣ። የሚመረምረው ሰው በኋላ የሚጠግነው ሰው አይሁን። የሦስቱ ፌዝ ቮልቴጅ፣ የዳዮዶቹ ሁኔታና የሜገሩ ንባብ ተጽፎ፣ ተፈርሞ በዚያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዋጋ ማንም ያለ ጭቅጭቅ ይከፍላል።

የኪራዩ ጄኔሬተር ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን 20 ኬቪኤ ደሴ ላይ 17 ገደማ ነው። የውሃ ፓምፕ፣ የደረጃ መብራት፣ በየቤቱ አምፖልና ስልክ ቻርጅ ይችላል። ምጣድ፣ ምድጃና የሻወር ማሞቂያ አይችልም። በቃል መከልከል ደግሞ አይሠራም፤ አንድ ሰው ሁልጊዜ «አንዴ ብቻ» ይላል። በየቤቱ መስመር ላይ ለጊዜው ባለ 4 ወይም ባለ 6 አምፔር ብሬከር ይግባ፤ ምጣድ የሰካ ሰው የራሱን ቤት ብቻ ያጨልማል። ፓምፑ ሲነሳ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ስለሚስብ ጥበቃው መጀመሪያ ፓምፑን ለብቻው ያስነሳ፣ ታንከሩን ይሙላ፣ ከዚያ ቤቶቹን ይልቀቅ። ተገላቢጦሽ ከሆነ በእያንዳንዱ መነሳት የሰው ቴሌቪዥን ይንገላታል።

በረንዳ ላይ ጄኔሬተር ማስነሳት የሚለውን ፈቃድ ግን ዛሬውኑ አሰርዙት። የቤንዚን ጄኔሬተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። በደሴ ብርድ ሰው መስኮቱን ዘግቶ ነው የሚተኛው። ጭሱ በበሩ ሥርና በላይኛው ቤት መስኮት ይገባል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ሰው ጉንፋን መስሎት ይተኛል፣ ብዙዎች አይነሱም። ትንሽም ቢሆን ጄኔሬተር የሚሠራው ግቢ ውስጥ፣ ከማንኛውም በርና መስኮት ቢያንስ ስድስት ሜትር ርቆ ነው።

ከሱ የማይተናነሰው አደጋ ሁለቱም ጫፉ ወንዴ የሆነ ገመድ ሠርቶ የጄኔሬተሩን መብራት በግድግዳ ሶኬት ወደ ቤት መላክ ነው። ያ ኤሌክትሪክ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል፤ ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይቀየራል። «መብራት ጠፍቷል» ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን የመብራት ኃይል ሠራተኛ ይገድለዋል። የመብራት ኃይልንና የጄኔሬተርን መስመር የሚለያይ ቼንጅ ኦቨር ስዊች የሌለው ቤት ጄኔሬተሩን ከቤቱ መስመር ጋር አያገናኝ፤ አምፖሉንና ቻርጀሩን በማራዘሚያ ገመድ በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ይሰካ። እንዲህ ያለ ገመድ ያለው ቤት ካወቁ ስብሰባውን አይጠብቁ፣ ዛሬ ማታ ያስቆርጡት።